ምን ዳኝነት ትጠይቂያለሽ?

አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ ማመልከቻ እየጻፈ ነው ያሳደገን። ፍርድ ቤት በር አካባቢ፣ መጀመሪያ ዣንጥላ ሥር በታይፕ፣ በኋላ ደግሞ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ በኮምፒዩተር። ሰው ይመጣል፣ ችግሩን ከሥር ከመሠረቱ ይዘረግፋል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። አባቴ ዝም ብሎ ይሰማና መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «እሺ፣ ምን ዳኝነት ነው የሚጠይቁት?»

ከትምህርት ቤት መልስ እሱ ጋ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን ስሠራ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። አንድ ቀን ለእኔም ይመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ኢንጂነሪንግ ተማርኩ፣ ሶፍትዌር ሠሪ ሆንኩ። ማመልከቻ የአባቴ ዓለም ነበር፤ የእኔ ኢሜይል ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ቀን ቀን ለአንድ የኦንላይን መሸጫ ኮድ እጽፋለሁ፣ ማታ ማታ ማስተርሴን እማራለሁ። ዶክትሬቴን ውጭ አገር መማር ፈልጌ ነበር። ለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ አማካሪ ሊሆን ለሚችል ፕሮፌሰር መጻፍ እንደሆነ ሁሉም ይነግራችኋል። «ፍላጎትሽን ንገሪው፣ ከሥራው ጋር ይገጥም እንደሆነ ጠይቂው» ይሏችኋል። ቀላል ነው የሚመስለው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ለ31 ፕሮፌሰሮች ጻፍኩ። ጻፍኩ ማለት ይከብዳል፤ አንዱን ኢሜይል 31 ጊዜ ላክሁት። ርዕሱ «የዶክትሬት አማካሪ እንዲሆኑኝ ስለመጠየቅ» የሚል ነበር፣ በእንግሊዝኛ። መግቢያው ላይ ስሜ፣ ውጤቴ፣ የተመረቅሁበት ዓመት። ቀጥሎ ለሰው ሠራሽ አስተውሎትና ለማሽን ለርኒንግ «ጥልቅ ፍላጎት» እንዳለኝ፣ በተለይ በጤና፣ በግብርናና በትምህርት። አዎ፣ በሦስቱም። ከዚያ የፕሮፌሰሩ ሥራ እጅግ እንደማረከኝ። መጨረሻ ላይ ዕድሉ ይሰጠኝ ዘንድ በትሕትና መጠየቄ።

ሁለት መልስ አገኘሁ። አንዱ ማሽን የላከው ነው፤ ሰውየው ለአንድ ዓመት ከማስተማር እረፍት ላይ ናቸው። ሌላው አንድ መስመር ነው፦ በዩኒቨርሲቲው የማመልከቻ ገጽ በኩል አመልክቺ። የቀሩት 29ኙ ዝም አሉ።

የላክኋቸውን መልሼ ሳነብ ደግሞ ሌላ ጉድ አገኘሁ። በአንዱ ላይ የሌላ ፕሮፌሰር ስም ሳልቀይረው ቀርቷል። በሌሎቹ ላይ ደግሞ ሁሉንም በመጀመሪያ ስማቸው ጠርቻቸዋለሁ። እኛ «ዶክተር አበበ» ስንል አክብሮት ነው፤ የአባት ስም እኮ የአባት ነው። እዚያ ግን ማዕረግ የሚቀድመው የቤተሰብ ስምን ነው። ሴቲቱን ፕሮፌሰር «ፕሮፌሰር አና» ብሎ መጻፍ ግማሽ አክብሮት ግማሽ ድፍረት የሆነ እንግዳ ነገር ነው። ለዚህ ብሎ የሚቀየም የለም መሰለኝ። ግን ያ ሰው ገጻቸውን በደንብ አይቶ እንዳልጻፈ ወዲያው ይታወቃል።

ያን ሰሞን ለጓደኞቼ አንድ ትንታኔ ነበረኝ። ችግሩ አስተዳደጋችን ነው እል ነበር። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የተማርነው ደጅ መጥናት ነው፣ ደብዳቤ ስንጽፍ ማመልከቻ ነው የሚወጣን፣ እንለምናለን። ትንታኔዬን ወድጄው ነበር። አንድ እሑድ ቡና ላይ ለአባቴም ነገርኩት። ሥራውን እየሰደብኩበት መሆኑ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

አባቴ አልተቆጣም። «እስቲ አንብቢልኝ» አለ። ስልኬን አውጥቼ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ይኼ ማመልከቻ አይደለም» አለ።

«እንዴት?»

«ማመልከቻ ዳኝነት አለው። ይኼን የተቀበለ ሰውዬ ምን ብሎ ይወስን? ጎበዝ ነኝ ብለሻል፣ እሺ። ሥራዎትን ወድጄዋለሁ ብለሻል፣ እሺ። ከዚያስ? ምን ዳኝነት ትጠይቂያለሽ?»

«አማካሪ ይሁነኝ ነዋ።»

«በምን ጉዳይ?»

መልስ አልነበረኝም። በጤና፣ በግብርናና በትምህርት ልለው ነበር፤ ለአባቴ መዋሸት ግን ከፕሮፌሰር ይከብዳል።

ቆይቶ አንድ ነገር ጨመረ። ባለጉዳይ ሁሉ ታሪኩን ከልጅነቱ መጀመር እንደሚፈልግ፣ ዳኛ ግን በቀን ብዙ መዝገብ እንደሚያይና መጀመሪያ የሚፈልገው ጉዳዩ የእሱ ችሎት መሆን አለመሆኑን እንደሆነ ነገረኝ። የመሬት ክርክር ቤተሰብ ችሎት ብትወስጂው ጥሩ ጽሑፍ አያድነውም አለ። ይገጥማል ወይስ አይገጥምም የሚለው ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ስለ እኔ ጉብዝና አይደለም፤ ጉዳዩ የማን ችሎት ነው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ያስፈልገኝ ነበር። እሱ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሥራ ብዬ እንጂ ምርምር ብዬ አላየሁትም።

የምሠራበት መሸጫ ውስጥ ደንበኞች የፈለጉት ዕቃ እያለ «አልተገኘም» ይባሉ ነበር። ቅሬታ የበዛበት አንዱ ዕቃ የፀሐይ መነጽር ነው። ሻጩ በአንድ ዓይነት ፊደል መዝግቦታል፣ ገዢው በሌላ ይፈልጋል። ሞክሼ ፊደላትን ታውቋቸዋላችሁ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ምንም ዝምድና የላቸውም። ጸ በዩኒኮድ ቁጥሩ U+1338 ነው፣ ፀ ደግሞ U+1340። አሁን ቁጠሩ። የ«ፀሐይ» የመጀመሪያ ፊደል ሁለት ምርጫ አለው። ሁለተኛው ስድስት አለው፣ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉም ይነበባሉና። «መነጽር» ውስጥ ያለው ጽ ሌላ ሁለት። ሁለት በስድስት በሁለት፣ 24። አንድ መነጽር በ24 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፣ የእኛ ፍለጋ ደግሞ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነበር።

መፍትሔው አንድ ከሰዓት ነው የወሰደው። ሲመዘገብም ሲፈለግም ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል መመለስ ነው። ለዚህ ቃል የሚበቃው ይህችን ያህላል፦

```python
t = str.maketrans("ሃሐሓኀኃፀፅ", "ሀሀሀሀሀጸጽ")
"የፀሐይ መነፅር".translate(t)   # የጸሀይ መነጽር
```

ለሁሉም ሞክሼዎች እስከ ሳብዑ ድረስ ሲሠራ ሰንጠረዡ ይረዝማል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ቅሬታው ቆመ፣ እኔም ረሳሁት።

ከአባቴ ጋር ካወራን በኋላ ግን ተመልሼ ሄድኩበት። ይህ ሰንጠረዥ ምርምር አይደለም፤ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ከእኔ በፊት ሠርቶታል። ጥያቄው ያለው ሰንጠረዡ የሚያጠፋው ነገር ላይ ነው። «ድኅነት» በኀ መዳን ነው። «ድህነት» በሀ ማጣት ነው። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ሲባል ነው፣ «ሰረቀ» ሌባ የሚያደርገው ነው። ሰንጠረዤ እነዚህን ሁሉ ይጨፈልቃል። መነጽር ለሚሸጥ ሰው ምንም አይደለም። የሃይማኖት ጽሑፍ ወይም የቆየ ጋዜጣ ለሚፈትሽ ሰውስ?

ትንሽ ሙከራ ሠራሁ። ሁለት የጽሑፍ ክምችት ወሰድኩ፤ አንዱ የሱቃችን የዕቃ ዝርዝር፣ ሌላው ከድረ ገጾች የሰበሰብኳቸው የሃይማኖትና የዜና ጽሑፎች። ሁለቱንም በሁለት መንገድ መዘገብኳቸው፤ አንዴ ፊደላቱን አዋሕጄ፣ አንዴ እንዳሉ ትቼ። ከዚያ 40 የፍለጋ ቃላት አዘጋጅቼ፣ ለእያንዳንዱ የመጀመሪያዎቹን አሥር ውጤቶች በዓይኔ እያየሁ «ይሄ የተፈለገው ነው፣ ይሄ አይደለም» እያልኩ ምልክት አደረግሁ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አራት ምሽት ፈጀ።

ሱቁ ላይ ማዋሐዱ የጎዳው ፍለጋ አላገኘሁም። በሁለተኛው ክምችት ግን መዳንን ስፈልግ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ድጎማ የሚያወሩ ዜናዎች ከላይ ተደረደሩ። እሺ፣ አይዋሐዱ ብዬ ስተዋቸው ደግሞ ሌላ ነገር ተገለጠ። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ልዩነቱን አይጠብቁም። ስለ መዳን የሚሰብከው ጽሑፍ ግማሽ ቦታ ላይ በሀ ጽፎታል። ስለዚህ ፊደሉን ብጠብቀው የሚያስፈልጉኝ ጽሑፎች ያመልጡኛል፤ ባዋሕደው የማይፈለጉት ይገባሉ። ጥያቄዬ እዚህ ጋ ተወለደ፦ ጸሐፊው በፊደሉ ሊታመን የሚችለው መቼ ነው? በዙሪያው ካሉት ቃላት ተነስቶ ይህን መለየት ይቻላል?

ጥያቄውን ካገኘሁ በኋላ ደብዳቤው በአንድ ሰዓት ተጻፈ። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይነበባል፦

«ጉዳዩ፦ በአማርኛ ፍለጋ ውስጥ ስለ ሞክሼ ፊደላት፣ የዶክትሬት ጥያቄ

የተከበሩ ፕሮፌሰር፣

አዲስ አበባ የምገኝ የማስተርስ ተማሪና የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። የምጽፍልዎ አንድ የምርምር ጥያቄ ከእርስዎ ሥራ ጋር ይገጥም እንደሆነ ለመጠየቅ ነው።

በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው የተለያዩ ፊደላት አሉ። የፍለጋ ሥርዓቶች ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ያዋሕዷቸዋል። በ40 የፍለጋ ቃላት ባደረግሁት ትንሽ ሙከራ ይህ በዕቃ ዝርዝር ላይ አልጎዳም፤ በሃይማኖትና በዜና ጽሑፎች ላይ ግን የተለያየ ትርጉም ያላቸውን ቃላት ቀላቀለ። አለማዋሐድም አልረዳም፣ ጸሐፊዎች ልዩነቱን በወጥነት ስለማይጠብቁ። ውጤቱን የመዘንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህ የሙከራው ድክመት ነው።

አጻጻፋቸው ወጥ ባልሆነ ቋንቋዎች ፍለጋ ላይ ያሳተሙትን አንብቤአለሁ። እዚያ የተጠቀሙበት ዘዴ ልዩነቱ ሁሉ ስህተት እንደሆነ ይወስዳል፤ በአማርኛ ግን አንዳንዱ ልዩነት ትርጉም አለው።

ጥያቄዬ፦ ይህ እርስዎ በመጪው ዓመት ሊያማክሩት ከሚችሉት ሥራ ጋር ይገጥማል? ካልገጠመ ያን ማወቅ ይጠቅመኛል። የሙከራውን ሁለት ገጽ ማጠቃለያና የሥራ ልምዴን አያይዣለሁ።»

አባቴ ሲሰማው «ይኼኛው ዳኝነት አለው» አለ። ከዚያ «ድክመት ነው» የሚለውን ለምን እንዳስገባሁ ጠየቀኝ። እሱ ቢሆን ኖሮ ለተቃራኒ ወገን መሣሪያ አያቀብልም። ልዩነታችን ያ ብቻ ነበር። ፕሮፌሰሩ ተቃራኒ ወገን አይደሉም፤ ድክመቱን እኔ ካልጻፍኩት እሳቸው ያገኙታል፣ ያኔ ደግሞ አላየችውም ይላሉ።

ላክሁት። በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ። ልቤ ሲመታ ትዝ ይለኛል፤ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ ሜክሲኮ።

«ጥያቄሽ ግልጽና ጥሩ ነው» ይላል። «ግን አይገጥምም። ካለፉት አራት ዓመታት ጀምሮ የምሠራው በንግግር ላይ ነው፤ ያነበብሽው ጽሑፍ የቀድሞ ተማሪዬ ሥራ ነበር።» ቀጥሎ አሁን በዚህ የሚሠሩ የአንዲት ባልደረባቸውን ስም ጽፈዋል። «ለእሷ ስትጽፊ ሁለተኛ መዛኝ ጨምሪ፤ 40 ቃላትም ያንሳሉ።»

አዘንኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ለጥያቄዬ ያገኘሁት የመጀመሪያ መልስ «አይገጥምም» ነበር። ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ነው። ያነበብኩት ጽሑፍ የወጣው ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ ርዕሱ ስለገጠመኝ ዓመቱን አላየሁም። ገጻቸውን ከላይ ወደ ታች ብመለከተው የቅርቦቹ ሥራዎች ሁሉ ንግግር ነበሩ። የሚገጥመው ሰውየው አሁን ከሚሠሩት ጋር እንጂ በአንድ ወቅት ከሠሩት ጋር አይደለም። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ሳላይ አልጽፍም፦ ያለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ጽሑፎችንና አሁን ያሉትን ተማሪዎች ርዕስ። አንዳንዶች ገጻቸው ላይ ዘንድሮ ተማሪ አልቀበልም ብለው በግልጽ ይጽፋሉ። ከ31ዱ ውስጥ እንደዚያ የጻፉ ነበሩበት፤ አላነበብኩትም።

ያም ሆኖ ያ «አይገጥምም» ከሌሎቹ ሁሉ ዝምታ የበለጠ ሠራልኝ። ዝምታ ምንም አይነግራችሁም፤ ደብዳቤው መጥፎ ይሁን፣ ሰውየው ሥራ በዝቶባቸው ይሁን፣ ገንዘብ አጥተው ይሁን አታውቁም። «አይገጥምም» ግን ምክንያት ይዞ ነው የመጣው፤ ምክንያቱ ደግሞ ወደ ትክክለኛው ችሎት መራኝ።

ከመጻፌ በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬን ምሳ ጋብዤ ሁለተኛ መዛኝ አደረግሁት። እኔ የመዘንኩትን ሳያይ ለብቻው ምልክት አደረገ። ከዚያ አነጻጸርነው፤ ሱቁ ላይ ከሞላ ጎደል ተስማማን፣ በሃይማኖት ጽሑፎች ላይ ግን ብዙ ቦታ ተለያየን። «ይሄ ስለ መዳን ነው እንዴ? እኔ ስለ ድሆች መስሎኝ» ይለኛል። ሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች ካልተስማሙ ማሽኑ ላይ ምን ይፈረዳል? ይህንን እንዳለ ደብዳቤው ውስጥ አስገባሁት።

ለሁለተኛዋ ፕሮፌሰር ላክሁ። ሁለት ሳምንት ዝም ሲሉ አንዴ ብቻ፣ በዚያው ኢሜይል ሥር፣ ሁለት መስመር አስታወስኳቸው። በማግስቱ መለሱ። ግማሽ ሰዓት በቪዲዮ አወራን። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ጸሐፊዎቹ ልዩነቱን ካልጠበቁ፣ የቱን እንዳሰቡ በምን ታውቂያለሽ?» የሚል ነበር። ስለ ውጤቴ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ከዚያ ደግሞ እቅጩን ነገሩኝ፦ ርዕሱ ይገጥማል፣ የዚያን ዓመት ገንዘብ ግን አልቋል። በእሳቸው አገር፣ እንደ ብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የዶክትሬት ተማሪ በፕሮጀክት ገንዘብ የሚቀጠር ሠራተኛ ነው፤ ፕሮጀክት ከሌለ ፈቃዳቸው ብቻውን ምንም አያደርግም። አሜሪካ ቢሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ኮሚቴ ነው፣ የፕሮፌሰሩ ፍላጎት ይረዳል እንጂ በር አይከፍትም። መግጠም አንድ ነገር፣ መግባት ሌላ ነገር እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሙከራውን ወስጄ እዚሁ ያሉት አስተማሪዬ ጋ ሄድኩ። ለእሳቸውም ያንኑ ጥያቄ ነው ያቀረብኩት፣ በአካል፦ «ዶክተር፣ ይሄ እርስዎ የሚያማክሩት ጉዳይ ነው?» «ነው» አሉ፣ «ግን ቃላቱን ከ40 ወደ 200 አድርጊው፣ መዛኞቹንም ሦስት።» የማስተርስ መመረቂያዬ ሆነ። ባለፈው ዓመት ተከላከልኩት።

አሁን መሥሪያ ቤታችን የሚገቡ ልጆች አንዳንዴ ለፕሮፌሰር የሚልኩትን ኢሜይል ያሳዩኛል። የእኔን 31 ያህላል፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ሰዋስዉን አላርምም። አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ የማን ጥያቄ እንደሆነ አትነግሯቸውም ብዬ ነው።

ሁለተኛዋ ፕሮፌሰር ዘንድሮ አዲስ ፕሮጀክት አግኝተዋል፣ ማስታወቂያ ሲወጣ ጻፉልኝ፣ አመለከትኩ። መልሱ ገና ነው። አባቴ በየእሑዱ ይጠይቀኛል። «ቀጠሮ ላይ ነው» እለዋለሁ። እሱም ባለጉዳዮቹን እንደሚያጽናናው ራሱን ነቅንቆ ቡናውን ይጠጣል።